ባለ ቺንጊያ ኮምፕረሰር፦ ስለ ዘይትና ፍተሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምናወራው ጎሚስታ ቤትና ጋራዥ ውስጥ ስለሚገኘው፣ በፒስተን አየር ስለሚያምቀውና ሞተሩ በቺንጊያ ስለሚያዞረው ኮምፕረሰር ነው።

ጥገናው ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ከምንስ ልጀምር?

ዕቃው ከተሟላ አንድ ሰዓት ይበቃል። ብዙ ሰው ቀጥታ ብሎን ወደ መፍታት ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ማሽኑ ሲሠራ ማየት እመርጣለሁ፤ ከጠፋ በኋላ የማይታዩ ነገሮች አሉ። ሲነሳ ይጮሃል? ቺንጊያው ይርገበገባል? ሲቆም «ፊስ» ብሎ ይተነፍሳል? ይህን ሁሉ ከቺንጊያው ከለላ ውጭ ቆመው፣ እጅ ሳያስገቡ ይዩ። ባዶው ታንክ እስኪሞላ የፈጀውን ጊዜም በስልክዎ ይያዙ፤ በኋላ ይጠቅምዎታል።

ቀጥሎ መብራት አጥፍተው ይቆልፋሉ፣ አየሩንና ውኃውን ያስወጣሉ፣ ፓምፑ ለብ እንዳለ ዘይቱን ያወርዳሉ። ዘይቱ እየተንጠባጠበ ሳለ የአየር ፊልትሮውንና ቺንጊያውን ያያሉ። ከዚያ አዲስ ዘይት ሞልተው፣ ከለላውን መልሰው ያስነሳሉ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ለብ ያለ ዘይት ቀጭን ስለሆነ ዝቃጩን ይዞ ይወጣል። ከቀዘቀዘ ዝቃጩ የፓምፑ ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ ላይ ይቀራል፤ በጣም ከጋለ ደግሞ እጅ ይልጣል።

ማጥፊያውን ካጠፋሁት አይበቃም?

አይበቃም። ይህ ማሽን በራሱ የሚነሳ ማሽን ነው። ፕሬሸር ስዊቹ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ዝቅ ሲል፣ ለምሳሌ 6 ባር ሲደርስ፣ ሞተሩን ያስነሳል። እርስዎ ደግሞ ለጥገና ብለው አየሩን እያስወጡ ነው። ማለትም መብራቱን በደንብ ካልቆረጡት፣ ራስዎ እንዲነሳ እያዘዙት ነው። ሌላው አደጋ መብራት ሲሄድ የሚጀመር ጥገና ነው። «መብራት እስኪመጣ ቺንጊያውን ልየው» ብሎ እጁን የሚያስገባ ሰው አለ። መብራቱ ግን አስጠንቅቆ አይመጣም።

ስለዚህ ሶኬቱን ይንቀሉና ጫፉን አጠገብዎ ያድርጉት። በብሬከር የሚሠራ ከሆነ ብሬከሩን አውርደው ሳጥኑን በጓጉንቸር ይቆልፉ፤ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀትም ይለጥፉ። ቁልፉ ኪስዎ ይግባ። ከዚያ መነጽር አድርገው፣ ወደ ጎን ቆመው፣ የታንኩን የታች ማስወገጃ ቀስ ብለው ይክፈቱ። ጌጁ ዜሮ ቢያሳይም ማስወገጃውን አይዝጉት። ጌጅ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፤ የተከፈተ ቀዳዳ ግን አይዋሽም።

የመኪና ሞተር ዘይት ብጨምርበትስ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በብዛት የሚመጣው ይህ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ አይጨምሩ። የመኪና ዘይት ውስጥ ጥላሸትን አንጠልጥሎ የሚይዝ ማጽጃ አለ። መኪና ላይ ይህ ጥሩ ነው፤ ጥላሸቱን ወስዶ የሚያስቀረው የዘይት ፊልትሮ አለና። የእነዚህ ኮምፕረሰሮች ፓምፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ፊልትሮ የለውም። ከፒስተኑ አልፎ ወደ ላይ የሚወጣው ጥቂት ዘይት የጋለው ቫልቭ ላይ ሲያርፍ ይቃጠላል፤ ማጽጃውና ሌላው ቅመም ደረቅ ካርቦን ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ማጽጃው ውኃን ከዘይት ጋር ያዋህዳል። ኮምፕረሰር ውስጥ ደግሞ ውኃ አይጠፋም።

የሚፈለገው የኮምፕረሰር ዘይት ነው። ጣሳው ላይ «አይኤስኦ ቪጂ 100» የሚል ይፈልጉ፤ በድሮው አጠራር ወደ ሠላሳ ቁጥር ዘይት የሚጠጋ ውፍረት አለው። ብርድ በሚበረታበት ቦታ 68 ቁጥሩ ይሻላል፤ ጠዋት ሲነሳ ሞተሩን አያስጨንቀውም። የማሽኑ መመሪያ ሌላ ካለ ግን መመሪያውን ይከተሉ። ሲንቴቲክ ዘይት ሲጠቀም የነበረ ፓምፕ ላይ ተራውን አይደባልቁበት፤ ሙሉ በሙሉ አውርደው ይቀይሩ።

ዘይቱን በየስንት ጊዜው ልለውጥ? እስከ የትስ ልሙላ?

አዲስ ፓምፕ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ይፈልጋል፤ ብዙ አምራቾች 50 ሰዓት አካባቢ ከሠራ በኋላ ለውጡ ይላሉ። የፒስተኑ ፋሻዎችና ኩሽኔታዎቹ ሲላመዱ የሚፈጩት ብረት የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በየ500 ሰዓቱ ወይም በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በመጣው። ሰዓት መቁጠሪያ የሌለው ማሽን ከሆነ ጎሚስታ ቤት ላለው በየሦስት ወሩ ማለት ጥሩ ነው። አቧራ የሚበዛበት መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ ከዚያ ቀድመው ይዩት።

መጠኑን በሊትር ሳይሆን በመስታወቱ ይለኩ። ኮፓው ጎን ላይ ክብ መስታወት አለ፤ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ ተሥሏል። ማሽኑ ቆሞ፣ መሬቱ ደልዳላ ሆኖ፣ ዘይቱ የነጥቡ መሃል ላይ ሲደርስ ያቁሙ። ከነጥቡ በታች ከሆነ ፒስተኑን የሚያንቀሳቅሰው ቢዬላ ጫፍ ላይ ያለችው ማንኪያ መሳይ ቁራጭ ዘይቱን አትነካውም። ይህን ፓምፕ የሚያለሰልሰው እሷ የምትረጨው ዘይት ብቻ ነው፤ ሌላ የዘይት ፓምፕ የለውም። ከነጥቡ በላይ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ትረጫለች፤ ዘይቱም ከአየሩ ጋር ይወጣል። ቀለም የሚረጭ ሰው የቀባው የመኪና በር ተበላሽቶበት ሲያለቅስ ካዩ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የማውረጃውን ታፖ ከማጥበቅዎ በፊት ሮንዴላውን ይዩ፤ ከተሰነጠቀ ይቀይሩት።

ያወረድኩት ዘይት መልኩ ተቀይሯል። ምን ማለት ነው?

በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገው በፀሐይ ይዩት። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ማሽኑ በየመሃሉ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲሠራ ነው። ፓምፑ በደንብ ሳይሞቅ ይቆማል፤ ከአየሩ የጠለለው እርጥበት ተንኖ መውጣት አይችልም። ዘይቱን ለውጠው፣ በሳምንት አንዴ ማሽኑን ለግማሽ ሰዓት ያህል አየር እያስወጡ እንዲሠራ ያድርጉት።

ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ሙቀት በዝቷል፤ ወይም ፋሻዎቹ ተበልተው የጋለ አየር ወደ ኮፓው እየወረደ ነው። ብልጭ ብልጭ የሚል ብናኝ ካዩ ግን አዲስ ዘይት ሞልተው አይሂዱ። ማግኔት ያስጠጉበት። ከተሳበ ብረት ነው፤ ኩሽኔታ፣ ሲሊንደር ወይም ቢዬላውን የሚያዞረው ኮሎ እየተበላ ሊሆን ይችላል። ካልተሳበ የአሉሚኒየም ፒስተን ወይም ቢዬላ ይጠረጠራል። በሁለቱም መንገድ ፓምፑ መከፈት አለበት።

ሞተሩስ ግሪስ ይፈልጋል?

አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች የታሸገ ኩሽኔታ ስላላቸው ምንም አይፈልጉም። የግሪስ ጡት ያለው ከሆነ ግን ጥቂት ብቻ ይበቃዋል፤ ከታች ያለውን ማስተንፈሻ ታፖ ሳይፈቱ አይጨምሩ። ግሪስ የበዛበት ኩሽኔታ ይሞቃል፤ ትርፉም ወደ ሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ይገባል።

ቺንጊያው ምን ያህል መወጠር አለበት?

በሁለቱ ፑሊዎች መሃል መሃሉ ላይ በአውራ ጣትዎ ጠንከር አድርገው ይጫኑ። መግባት ያለበት በመሃላቸው ባለው ርቀት መጠን ነው፤ በየ100 ሚሊ ሜትሩ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። በአንዱ ማሽን እናስላው። ከትንሹ ፑሊ መሃል እስከ ትልቁ መሃል 480 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 4.8 ሲባዛ በ1.6 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ቀጥ ያለ ብረት ፑሊዎቹ ላይ አጋድመው፣ ቺንጊያው ከብረቱ ስንት እንደራቀ በማስመሪያ ይለኩ። «በእጄ ለምጄዋለሁ» የሚል ቴክኒሻን አውቃለሁ፤ ማስመሪያ ግን ነፃ ነው።

ለማጥበቅ የሞተሩን አራት ብሎኖች ያላሉና ሞተሩን ያንሸራትቱ። እዚህ ጋር ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዱን ብሎን ሲያጠብቅ ሞተሩ ይጠማዘዝና ሁለቱ ፑሊዎች አንድ መስመር ላይ አይሆኑም። ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ከትልቁ ፑሊ ጎን እስከ ትንሹ ጎን ያስጠጉ። የሁለቱ ጠርዝ ውፍረት እኩል ከሆነ በየፑሊው ሁለት ሁለት፣ አራቱም የጠርዝ ነጥቦች ብረቱን መንካት አለባቸው። አዲስ ቺንጊያ ከሆነ ከአንድ ሁለት ቀን ሥራ በኋላ ይለጠጣልና ደግመው ይለኩ።

ቺንጊያ የሚቀየረው ሲበጠስ ነው?

ሲበጠስማ ቀን ይመርጣል፤ ሁልጊዜም ወረፋ ሲበዛ ነው። ቀድመው ለማወቅ ቺንጊያውን በእጅዎ እየገለበጡ ውስጡን ይዩ። ስንጥቅ፣ የተፈታ ክር ወይም ጎኑ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ ይቀየራል። የሚያብረቀርቀው ሲንሸራተት ስለጋለ ነው። ሁለት ቺንጊያ ያለው ማሽን ከሆነ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ። አሮጌው ተለጥጧልና ጭነቱን ሁሉ አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

ፑሊውንም አይርሱ። ቺንጊያው መያዝ ያለበት በጎንና በጎኑ ነው እንጂ ሥሩ መቀመጥ የለበትም። የጉድጓዱ ሥር ካብረቀረቀ፣ ፑሊው ወይም ቺንጊያው ተበልቶ ሥሩ ላይ እየተቀመጠ ነው። ያኔ ምንም ያህል ቢያጠብቁት ይንሸራተታል። ስፋቱ የተሳሳተ ቺንጊያ ሲገባም እንዲሁ ነው፤ ኤ ቁጥሩ ከላይ 13 ሚሊ ሜትር፣ ቢ ቁጥሩ 17 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። እንዳይጮህ ተብሎ ሙጫ ወይም ሳሙና መቀባት ችግሩን ለጥቂት ቀን ይደብቃል እንጂ አያድንም።

ሥራውን ጨርሼ ካስነሳሁት በኋላ ምን ልይ?

ከለላው ተመልሶ መታሰሩን ይዩ፤ ማስወገጃውን ይዝጉ፤ ያስነሱ። የዘይት ታፖው ዙሪያ ላብ አለ? ድምፁ ተቀይሯል? ታንኩ ሲሞላ በተለመደው ልክ ላይ ይቆማል? ካልቆመ ወዲያው ያጥፉት። ከሞላ በኋላ የሴፍቲ ቫልቩን ቀለበት ለአፍታ ይሳቡ። አየር በኃይል መውጣት፣ ሲለቁት ደግሞ ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት። የሚያፈስ ሴፍቲ ቫልቭ በብሎን የተደፈነበት ማሽን ካጋጠመዎት ሥራውን አይቀበሉ።

ከዚያ ባዶው ታንክ የሞላበትን ጊዜ ከበፊቱ ጋር ያስተያዩና ማሽኑ ላይ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉት። በሚቀጥለው ጊዜ 4 ደቂቃ የነበረው 6 ሆኖ ካገኙት፣ ወይ ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይ ቫልቩ አልዘጋ ብሏል፣ ወይ ፋሻው ተበልቷል። መጀመሪያ ፊልትሮውን ይዩ፤ ርካሹ እሱ ነው። የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይንፉት፣ ካልጸዳ ይቀይሩ። የስፖንጅ ከሆነ በሳሙና አጥበው በደንብ ካደረቁ በኋላ ይመልሱ።

ቺንጊያውን አጥብቄውም ሲነሳ ይጮሃል። ምን ቀረኝ?

ምናልባት ጥፋቱ የቺንጊያው ላይሆን ይችላል። አንድ ጎሚስታ ቤት የነበረ ባለ 200 ሊትር ማሽን ይህን በደንብ ያሳያል። ጠዋት ታንኩ ባዶ ሆኖ ሲነሳ ጸጥ ያለ ነው። ቀን ላይ 6 ባር ደርሶ እንደገና ሲነሳ ግን ለጥቂት ሰከንድ ያንቋርራል። ባለቤቱ ቺንጊያውን ሲያጠብቀው፣ ሲያጠብቀው፣ በአውራ ጣት ቢጫኑት 2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይገባ ሆነ። ጩኸቱ ቀነሰ። በምትኩ የፓምፑ ኩሽኔታ ይግል፣ ብሬከሩም ይወርድ ጀመር።

ፍንጩ ያለው ማሽኑ ሲቆም ነው። ጤነኛ ማሽን ሲቆም ፕሬሸር ስዊቹ ሥር ያለችው ትንሽ ማራገፊያ ቫልቭ «ፊስ» ትላለች። በፓምፑና በታንኩ መሃል ባለው ቧንቧ የቀረውን አየር ለቀቀች ማለት ነው፤ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ጭነት ይነሳል። ይህ ማሽን ሲቆም ዝም አለ። ስለዚህ ቧንቧው ታምቆ ይቀራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ፒስተኑን መግፋት ያቅተዋል፣ ቺንጊያውም ይንሸራተታል። አየሩ ሁሉ ከወጣ በኋላ ወደ ማራገፊያዋ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ስትፈታ በካርቦን ተደፍና ተገኘች። ኮፓው ውስጥ የነበረው ደግሞ ጥቁር የመኪና ዘይት። ቱቦዋ ተጸዳች፣ ዘይቱ ተለወጠ፣ ቺንጊያው ወደ 8 ሚሊ ሜትር ተመለሰ፤ ጩኸቱም ቀረ። ኩሽኔታው ግን ቀድሞ ስለተጎዳ መቀየር ነበረበት።

ተቃራኒውም አለ። ማሽኑ ከቆመ በኋላ «ፊስ» የሚለው ካላቆመ፣ ታንኩ መግቢያ ላይ ያለው ቼክ ቫልቭ አልዘጋ ብሎ የታንኩ አየር ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ሲያቆምም በትክክል ተንፍሶ ሲነሳ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ የመብራቱን ኃይል ያስለኩ። ቮልቴጅ የወረደበት ወይም ኮንደንሰሩ የደከመ ባለ አንድ ፌዝ ሞተርም እንዲሁ ይሆናል።

ዘይት አያፈስም፤ ግን ይጨርሳል። የት ይሄዳል?

ከአየሩ ጋር ወደ ታንኩ ነው የሚሄደው። የታንኩን ውኃ ሲያስወጡ ዘይት ከተንሳፈፈበት ማረጋገጫ ነው። ፋሻ ከመጠርጠርዎ በፊት ቀላሎቹን ይዩ። ከመጠን በላይ ተሞልቷል? የአየር ፊልትሮው ታፍኗል? ፊልትሮው ሲታፈን ፒስተኑ ሲወርድ ከታች ዘይት ይስባል። የኮፓው መተንፈሻስ ክፍት ነው? እሱ ሲዘጋ ኮፓው ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፣ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ያኔ የፓምፑ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይፈታ።

መስመር ከተቀየረ በኋላ ፓምፑ በጣም ይግላል። አየር ግን ይሰጣል።

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከሆነ የሚዞርበትን አቅጣጫ ይዩ። ቆጣሪ ሲቀየር ወይም መስመር ሲጠገን ሁለት ፌዞች ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ በግልባጭ ይዞራል። የፒስተን ፓምፕ በግልባጭም አየር ስለሚሰጥ ማንም አይጠረጥርም። ነገር ግን የትልቁ ፑሊ ክንፎች ማራገቢያ ናቸው፤ በትክክል ሲዞር ነፋሱን ወደ ፓምፑ ይልካሉ፣ በግልባጭ ሲዞር ይመልሱታል። ፑሊው ወይም ከለላው ላይ ቀስት አለ፤ ካልተስማማ ኤሌክትሪሺያን መብራቱን ቆርጦ ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን ያለዋውጥ።

አዲስ አበባ ላይ ማሽኑ ከተጻፈበት ያነሰ አየር የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ማሽኑ አልሰነፈም፤ አየሩ ስስ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ወደ 0.77 ባር ነው፤ ባሕር ዳርቻ ግን ወደ 1 ባር ይጠጋል። ፒስተኑ በአንድ ምት የሚስበው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ በ3 ደቂቃ የሚሞላ ታንክ አዲስ አበባ ላይ ወደ 4 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህን የማያውቅ ቴክኒሻን ጤነኛ ፋሻ ያስቀይራል።

ሙቀቱም ይጨምራል። 8 ባር ለመድረስ ባሕር ዳርቻ አየሩ 9 እጥፍ ይታመቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ11 እጥፍ በላይ። የሚያቀዘቅዘው ነፋስም ስስ ነው፤ ሞተሮች ደግሞ በተለምዶ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው። በተግባር ምን ይደረግ? ለጎማ 8 ባር ካላስፈለገ ፕሬሸር ስዊቹን ዝቅ ያስደርጉ፤ የፓምፑን ክንፎች ከአቧራ ያጽዱ፤ ማሽኑን ግድግዳ ላይ አያጣብቁት፤ የዘይቱንም ቀን አያሳልፉ።

ታንኩ ሥሩ ዝጎ በትንሹ ያፈሳል። ብበየደውስ?

አይበየድም። ዝገቱ የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ቀዳዳው የታየበት ቦታ ዙሪያው ሁሉ ስስ ሆኗል ማለት ነው። ብየዳው ደግሞ ብረቱን የበለጠ ያዳክመዋል። ታንክ ሲፈነዳ እንደ ጎማ አይተነፍስም፤ ብረቱን ይዞ ይበራል። የሚያፈስ ታንክ ከሥራ ይወጣል፤ ፓምፑንና ሞተሩን ወደ ሌላ ታንክ ማዛወር ይቻላል።

ገና የማያፈስ ግን ውጩ የዛገ ከሆነ ውፍረቱ በመሣሪያ ይለካ፤ ወይም ብቃት ያለው ባለሙያ በውኃ ግፊት ይፈትነው። በአየር አይፈተንም። የሚወጣው ውኃ ቀይ ቡናማ ሆኖ ቅርፊት ከያዘ ደግሞ ፍተሻውን ለሚቀጥለው ወር አያሳድሩት።